ብርቱካን በካሜራ ሲለይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

እዚህ የምንመለከተው መሣሪያ ቀላል ነው። ብርቱካን በማጓጓዣ ቀበቶ ላይ አንድ በአንድ ያልፋል። ከላይ የተሰቀለው ኢኤስፒ32-ካም ቦርድ ኦቪ2640 በተባለው ካሜራው ፎቶ ያነሳል፤ ፎቶውም ወደ 96 በ96 ፒክስል ተቀንሶ ቦርዱ ላይ ለተጫነው ትንሽ ሞዴል ይሰጣል። ሞዴሉ ልጣጩ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ መሆኑን ይወስናል፤ ከዚያ ሰርቮ ሞተር በሩን አዙሮ ፍሬውን ወደ ሣጥኑ ይመራዋል። መሣሪያው መሳሳት ሲጀምር ብዙ ሰው ሞዴሉን እንደገና ወደ ማሠልጠን ይቸኩላል። እኔ እንደማየው ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ምስሉ ሞዴሉ ዘንድ እስኪደርስ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ወይም ከውሳኔው በኋላ በሩ በሚዞርበት ሰዓት ላይ ነው።

ካሜራው ቀለሙን በራሱ እንዲያስተካክል መተው

ከሁሉም ስህተቶች ብዙ ጊዜ የሚያባክነው ይህ ነው። ኦቪ2640 ሥራ ሲጀምር የቀለም ሚዛኑን፣ የብርሃን መቀበያ ጊዜውንና የምልክት ማጉያውን በየፎቶው ራሱ እንዲያስተካክል ተደርጎ ነው። ለሰው ዓይን ደስ የሚል ፎቶ ለማንሳት ይህ ጥሩ ነው፤ ቀለም ለመለየት ግን እንቅፋት ነው። ምስሉን አንድ ትልቅ ብርቱካን ሲሞላው ካሜራው ክፍሉ ውስጥ ያለው መብራት የቀላ ይመስለውና ቀዩን ቀንሶ ሰማያዊውን ይጨምራል፤ የደረሰው ብርቱካን ወደ ቢጫ ያደላል። ቀጥሎ አረንጓዴ ፍሬ ሲመጣ ማስተካከያው ወደ ተቃራኒው ይሄዳል። በዚህ መንገድ ሞዴሉ ሊለየው የሚገባውን ልዩነት ካሜራው አስቀድሞ ያደበዝዘዋል። ምልክቱን ማወቅ አይከብድም፦ አንዱን ፍሬ ከካሜራው ሥር ሳያንቀሳቅሱ አስቀምጠው፣ አጠገቡ አንዴ ነጭ ወረቀት፣ አንዴ ጥቁር ጨርቅ ያድርጉ። የፍሬው ቀለም በሁለቱ ፎቶዎች ላይ ከተለያየ ማስተካከያው አልጠፋም ማለት ነው። የሚጠፋው እንዲህ ነው፦

```
sensor_t *s = esp_camera_sensor_get();
s->set_whitebal(s, 0);
s->set_awb_gain(s, 0);
s->set_gain_ctrl(s, 0);
s->set_agc_gain(s, 0);
s->set_exposure_ctrl(s, 0);
s->set_aec_value(s, 300);
```

300 የሚለው ቁጥር መነሻ ብቻ ነው፤ የፍሬው ብሩህ ቦታ ነጭ ሆኖ እስከማይቃጠል ድረስ እየቀነሱ ወይም እየጨመሩ ያስተካክሉት። ከዚህ በኋላ ፎቶው ትንሽ ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ ሊመስል ይችላል፤ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ካዘነበለ ሞዴሉን አይጎዳውም። ሆኖም የማሠልጠኛ ፎቶዎቹ በሙሉ በዚሁ ቅንብር፣ በዚሁ ካሜራ እንደገና መነሳት አለባቸው፤ በስልክ የተነሱት አይጠቅሙም። መብራቱም እንዲሁ ቋሚ ይሁን። ካሜራውን ውስጡ ነጭ ቀለም በተቀባ ሣጥን ይሸፍኑት፤ ኤልኢዲውንም ከዲሲ የኤሌክትሪክ ምንጭ ያብሩት። ከ50 ኸርዝ መስመር በቀጥታ የሚበራ ርካሽ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚዋዥቅ፣ ምስሉን ረድፍ በረድፍ በሚያነበው በዚህ ካሜራ ላይ ብሩህና ጨለማ አግድም መስመሮችን ይፈጥራል።

የፒክስሉን ባይቶች አገላብጦ ማንበብ

ሞዴሉ በኮምፒውተር ላይ በሚገባ እየለየ ቦርዱ ላይ ሲጫን ግን ለማንኛውም ፍሬ አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጥ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ይህ ነው። ካሜራው በ`PIXFORMAT_RGB565` ሲሠራ ለእያንዳንዱ ፒክስል ሁለት ባይት ይሰጣል፤ ከፍተኛውን ባይት ያስቀድማል። ቦርዱ ግን ሁለቱን እንደ አንድ `uint16_t` ሲያነብ ዝቅተኛው ቀድሞ የመጣ አድርጎ ይወስደዋል። ንጹሕ ቀይ `F800` መሆኑ ቀርቶ `00F8` ይሆናል፤ ይህም ሲተረጎም ሰማያዊ ነው። አረንጓዴው `07E0` ደግሞ `E007` ሆኖ ቀይ ይመስላል። ሞዴሉ ሰማያዊ ብርቱካን አይቶ ስለማያውቅ የሚሰጠው መልስ ትርጉም የለውም። ለማረጋገጥ ቀይ ካርቶን ከካሜራው ሥር አስቀምጠው የመሐል ፒክስሉን ሦስት ቁጥሮች በመቆጣጠሪያው መስኮት ያሳትሙ፤ ከቀዩ ሰማያዊው ከበለጠ ባይቶቹ ተገላብጠዋል።

የአንድ ፍሬ ፎቶዎችን ለማሠልጠኛም ለመፈተኛም መጠቀም

40 ብርቱካን ይዘን እያንዳንዱን እያዟዟርን 10 ጊዜ ብናነሳ 400 ፎቶ ይኖረናል። ከእነዚህ ውስጥ 80ውን በዕጣ ለፈተና ብንለይ፣ የፈተናው ፎቶ ሁሉ ማለት ይቻላል ወንድሙ ማሠልጠኛው ውስጥ አለ። ሞዴሉ የልጣጩን ጠባሳና የእምብርቱን ቅርጽ ሸምድዶ ከፍተኛ ውጤት ያሳያል፤ ሌላ ኩንታል ሲመጣ ግን ይወድቃል። ስለዚህ ዕጣው የሚወጣው በፎቶ ሳይሆን በፍሬ መሆን አለበት፦ 8 ፍሬዎች ከነሙሉ ፎቶዎቻቸው ለፈተና ይቀመጡ። የፋይሉ ስም `b017_03.jpg` ተብሎ የፍሬውን ቁጥር ቢይዝ ክፍፍሉ ቀላል ይሆናል። ከተቻለ የፈተናው ፍሬ በሌላ ቀን፣ ከሌላ ነጋዴ የተገዛ ቢሆን የተሻለ ነው።

አሮጌ ፎቶና የተሳሳተ የበር ሰዓት

አንዳንዴ ሞዴሉ ልክ ሆኖ መሣሪያው ይሳሳታል። የካሜራው ፕሮግራም ካልተነገረው በቀር የፎቶ መያዣው ባዶ ሲሆን ወዲያው ይሞላውና እስኪጠየቅ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ብርቱካኑ ሲደርስ የሚሰጠን ቀደም ብሎ የተነሳውን ባዶ ቀበቶ ወይም ያለፈውን ፍሬ ሊሆን ይችላል። `config.fb_count = 2` እና `config.grab_mode = CAMERA_GRAB_LATEST` ማለት ወይም የመጀመሪያውን ፎቶ መልሶ ሁለተኛውን መጠቀም ይህን ያስቀራል።

የበሩ ጉዳይ ደግሞ በቁጥር ቢታይ ይሻላል። ቀበቶው በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፤ በሩ ከካሜራው 20 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ ስለዚህ ፍሬው በሩ ላይ የሚደርሰው ከ2 ሰከንድ በኋላ ነው። በፍሬዎቹ መካከል 12 ሴንቲ ሜትር ካለ ሁለተኛው ፍሬ ካሜራው ሥር የሚደርሰው በ1.2 ሰከንድ ነው። ፎቶውና ውሳኔው 0.4 ሰከንድ ከወሰዱ የሁለተኛው ውሳኔ በ1.6 ሰከንድ ይወጣል፤ የመጀመሪያው ፍሬ ግን ገና በሩ ላይ አልደረሰም። ፕሮግራሙ ውሳኔውን በአንድ ተለዋዋጭ ብቻ የሚይዝ ከሆነ የመጀመሪያው ፍሬ በሁለተኛው ውሳኔ ይሄዳል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ በብርቱካናማዎች መካከል አንድ አረንጓዴ ሲያሳልፉ ወደ አረንጓዴው ሣጥን የሚገባው ከፊቱ ያለው ብርቱካናማ ነው። መፍትሔው ውሳኔዎቹን በወረፋ መያዝና የእያንዳንዱን ፍሬ የበር ሰዓት ሞዴሉ ከጨረሰበት ሳይሆን ፍሬው ካሜራው ሥር ከደረሰበት ቅጽበት ጀምሮ መቁጠር ነው።

ከምስሉ ውስጥ የሌለውን መጠየቅ

ሦስት ምድብ ብቻ የተማረ ሞዴል እጅዎን ቢያሳዩትም ከሦስቱ አንዱን ይመርጣል። ባዶ ቀበቶ፣ ቅጠልና እጅ ያሉበት አራተኛ ምድብ ይጨመርለት፤ እርግጠኛ ያልሆነበት ፍሬም ሰው ወደሚያየው ቅርጫት ይላክ።

ነጠብጣብ መፈለግ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። 7 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ብርቱካን በምስሉ ላይ 60 ፒክስል ቢይዝ አንድ ፒክስል ከ1 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ የሻጋታ ጅማሬ ሦስት ፒክስል እንኳ አይሞላም። ከላይ የተሰቀለ ካሜራም የፍሬውን ሥር አያይም፤ ለዚህ ፍሬውን የሚያሽከረክር ሮለርና ከአንድ በላይ ፎቶ ያስፈልጋል። ጣዕምም ከቀለም አይነበብም። ሌሊቱ በማይቀዘቅዝበት ቆላ የበቀለ ብርቱካን ውስጡ ጣፍጦ ልጣጩ አረንጓዴ ሆኖ ሊቀር ይችላልና፣ ገዢው የጠየቀው ጣፋጭነትን ከሆነ ከየጭነቱ ጥቂት ፍሬ ጨምቆ ስኳሩን በሪፍራክቶሜትር መለካት ግድ ነው።