የሰኩለንት ቅጠሎቼ መበስበስ ያቆሙት እንዲህ ነው

ኤቼቬሪያ የምትባል ሰኩለንት፣ ማለትም በወፍራም ቅጠሏ ውሃ የምትይዝ ተክል አለችኝ። ቅጠል በጣለች ቁጥር አዲስ ተክል እንዲበቅልልኝ አንስቼ እርጥብ አፈር ላይ አስቀምጥ ነበር። ብዙዎቹ ሥር ሳያወጡ ይበሰብሱብኛል። ድሬዳዋ ነውና መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሙቀቱን ነበር። ችግሩ ግን ቁስሉ ነው።

ቅጠል ከግንዱ ሲላቀቅ ግርጌው ክፍት ሆኖ ይቀራል። ሳይደርቅ እርጥበት ካገኘው ሻጋታና ባክቴሪያ በዚያው ይገባሉ። ግርጌው መጀመሪያ ውሃ የቋጠረ መስሎ ብርሃን ያሳልፋል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል፣ በጣት ሲነኩት ይላሽቃል። እንዲህ የሆነውን ቶሎ ከሌሎቹ መለየት ነው። ከጫፉ የተጨማደደ ግን ይቆይ፤ የራሱን ውሃ እየተጠቀመ ነው።

አሁን ቅጠሎቹን በረንዳው ጥላ ላይ፣ ደረቅ ሳህን ውስጥ ከ3 እስከ 5 ቀን አቆያቸዋለሁ። ቁስሉ ደርቆ ቅርፊት ሲይዝ፣ እኩል በተቀላቀለ አፈርና ሻካራ አሸዋ ላይ አጋድማቸዋለሁ። አልቀብራቸውም። አሸዋው ታጥቦ የደረቀ ይሁን።

ከባዱ ነገር ውሃ አለማጠጣት ነው፤ እጅ ይበላል! ቅጠሉ በውስጡ ያለው ይበቃዋል። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ክር የመሰሉ ሮዝ ሥሮች ብቅ ይላሉ። ያኔ ሥሩ ላይ ትንሽ አፈር ጣል አድርጌ ውሃ እረጫለሁ፤ ሲደርቅ እደግማለሁ። የቀትር ፀሐይ ግን አይንካቸው፣ ያቃጥላቸዋል።

ግርጌው ተቆርጦ ግንዱ ላይ በቀረበት ቅጠል ላይ አትድከሙ። አዲሱ ተክል የሚበቅለው ከዚያችው ጫፍ ነው።