የተግባር ልምምድን ከተሰጡ ንባቦች ጋር የሚያገናኝ ሪፍሌክሽን ፔፐር እንዴት ይጻፋል?

የነገረ መለኮት ተማሪ ለተግባር ልምምድ ወደ አንድ አጥቢያ ሲመደብ ከአገልግሎቱ ጋር ሪፍሌክሽን ፔፐርም ይጠበቅበታል። ትእዛዙ ቀላል ይመስላል፤ በምደባችሁ ያያችሁትን በክፍል ከተሰጡት ንባቦች ጋር አገናኙ ይላል። ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ግን በአንድ ሽፋን የታሰሩ ሁለት ጽሑፎች ነው። የመጀመሪያው ግማሽ የአገልግሎት ሪፖርት ይሆናል፤ ሕሙማን ጠየቅን፣ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተማርን የሚል። ሁለተኛው ግማሽ የመጽሐፉ ማጠቃለያ ነው። ሪፖርቱ ቢወጣ ማጠቃለያው ሳይነካ የሚቆም ከሆነ ጽሑፉ ገና አልተጻፈም ማለት ነው።

አካሄዱን በአንድ ማሳያ እንከተለው። ለማስረዳት ያዘጋጀሁት ስለሆነ ማንንም ሰው አይወክልም፤ ወሎ ለኖረ ሰው ግን እንግዳ አይሆንም። ተማሪው ዲያቆን ነው፤ የተመደበው ደሴ ዙሪያ ጸበል ባለበት አንድ የገጠር አጥቢያ ነው። የተሰጡት ንባቦች ሁለት ናቸው፦ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 እና ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ክህነት ከጻፈው ሁለተኛው ክፍል።

መጀመሪያ አንዲት አጋጣሚ ምረጡ

የወሩን አገልግሎት በሙሉ ለመጻፍ አትሞክሩ። አምስት ገጽ ወረቀት የሚሸከመው አንድ ንግግር፣ አንድ ጉብኝት ወይም አንድ ዝምታ ብቻ ነው። የምትመርጡት የተሳካላችሁን መሆን የለበትም። ወደ ቤት እየተመለሳችሁ "ምን ማለት ነበረብኝ?" ያሰኛችሁን ውሰዱ። በተቻለ መጠን በዚያው ቀን ማታ፣ ንግግሩን እንደ ወረደ ጻፉት። በማግስቱ ከጻፋችሁት አንደበታችሁ ተሻሽሎ ታገኙታላችሁ፤ ያላላችሁት ጥሩ መልስ ይገባበታል።

የዲያቆኑ ማስታወሻ እንዲህ ይላል፦

ዲያቆን፦ እንዴት አደርክ ወንድሜ? ተሻለህ?
ወጣት፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ጸበሉ እየረዳኝ ነው።
ዲያቆን፦ የቲቢውን ኪኒንስ እየወሰድክ ነው?
ወጣት፦ (ትንሽ ዝም ብሎ) ጸበል ላይ ሆኜ? እምነት ማጉደል አይሆንብኝም?
ዲያቆን፦ መውሰድ አለብህ! ካልወሰድክ ራስህን እንደ መግደል ነው፤ ኀጢአት ነው።
(ወጣቱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።)
አክስት፦ ተው ልጄ፣ አታስደንግጠው። አንተም አብሽር። ይኼ መድኃኒትስ ቢሆን አላህ ያበጀው አይደል እንዴ?

አክስቱ ሙስሊም ናት። ወንድሟ ክርስቲያን አግብቶ የወለደውን ልጅ ጸበል ድረስ ይዛው የመጣችውና የምታስታምመው እሷ ናት።

ማስታወሻው ሲያልቅ ያያችሁትን ከደመደማችሁት ለዩ። "ፊቱን አዞረ" የታየ ነገር ነው። "እምነቱ ግትር ነው" ግን የዲያቆኑ ፍርድ ነው፤ አፍሮም፣ ፈርቶም፣ ደክሞትም ሊሆን ይችላል። ይህን ሳትለዩ ወደ ንባቡ ከገባችሁ፣ ንባቡ ፍርዳችሁን የሚያጸድቅ ምስክር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ርእስ ሳይሆን ጥያቄ ያዙ

"ጸበልና ሕክምና" ርእስ ነው፤ መጽሐፍ ያህል ስለሚሰፋ አምስት ገጽ ላይ ይበተናል። ጥያቄው ከተጻፈው ንግግር ውስጥ መውጣት አለበት። በዚህ አጋጣሚ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ "ዲያቆኑና አክስቱ ወጣቱን ያሉት ኪኒኑን እንዲወስድ ነው፤ ታዲያ አንዱ ለምን አስፈራራ፣ ሌላዋስ ለምን አጽናናች?" ጥያቄው ጥሩ መሆኑን ለማወቅ፣ ያለ ንባቡም ሆነ ያለ አጋጣሚው ሊመለስ ይችል እንደሆነ ሞክሩ። በአንዱ ብቻ የሚመለስ ከሆነ ለውጡት።

ንባቡን በጥያቄው እንደገና አንብቡ

አሁን ወደ ሲራክ ሂዱ። ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ብሎ ይጀምራል። ቁጥር 4 ላይ እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረና ብልህ ሰው እንደማይንቀው ይናገራል። ከቁጥር 9 ጀምሮ ደግሞ ለታመመ ሰው ቅደም ተከተል ያስቀምጣል፦ ጸልይ፣ ከበደል ራቅ፣ መሥዋዕት አቅርብ፣ ከዚያ ለሐኪሙ ስፍራ ስጠው። ጸሎትና ሕክምና በአንድ ምክር ውስጥ ነው ያሉት። የወጣቱን ፍርሃት በቀጥታ የሚነካው ይህ ነው፤ ሲራክ መድኃኒቱን የእምነት ተቀናቃኝ አድርጎ አያየውም።

እዚህ ላይ ዲያቆኑ ማስተዋል ያለበት ነገር አለ። የቁጥር 4ን ሐሳብ ወጣቱ ባለበት ክፍል ውስጥ የተናገረችው አክስት ናት። ብዙ ተማሪ እዚህ ሲደርስ ስለ ወሎ መቻቻል አንድ አንቀጽ ይጽፋል። አንቀጹ እውነት ቢሆንም ጥያቄውን አይመልስም። መጠየቅ ያለበት፣ የቅዱሳት መጻሕፍት ተማሪው ከፊቱ የነበረውን ትምህርት ትቶ ማስፈራሪያ ሲያነሳ፣ እሷ ትምህርቱን እንዴት በአንድ አረፍተ ነገር እንዳቀረበችው ነው።

አፈወርቅ የሚገባው በዚህ በር ነው። በሁለተኛው ክፍል በግ የሚጠብቅ እረኛና ሰው የሚጠብቅ ካህን ያላቸውን ልዩነት ያስረዳል። እረኛው የታመመውን በግ አስሮ ሊያክመው ይችላል፤ ካህኑ ግን ሰውን ሊያስገድድ አይችልም፤ የቆሰለው ሰው ራሱ ወዶ ሕክምናውን እንዲቀበል ማሳመን አለበት፣ ለዚህም ብዙ ጥበብ ይጠይቃል ይላል። "ኀጢአት ነው" የሚለው የዲያቆኑ ቃል ማስገደድ ነበር፤ ወጣቱም ፊቱን አዞረ። "አብሽር" ያለችው አክስት ግን በማጽናናት ጀምራ ወደ ምክንያቱ ሄደች። ምን እንደሚባል ሲራክ፣ እንዴት እንደሚባል አፈወርቅ ተናግረዋል፤ ሁለቱ ንባቦች በአንዲት አረፍተ ነገሯ ላይ ተገናኙ።

ጥንቃቄ የሚፈልገውም እዚሁ ነው። አፈወርቅ የሚናገረው ስለ ነፍስ ቁስል ነው፤ ሐኪምና ቁስል ለእሱ ምሳሌ ናቸው። ስለ ቲቢ ኪኒን የጻፈ አስመስሎ መጥቀስ ንባቡን ማጣመም ነው። መሸጋገሪያውን በግልጽ ጻፉ፦ "አፈወርቅ ይህን የሚለው ስለ ኀጢአት ፈውስ ነው። እኔ ለኪኒኑ የተጠቀምኩበት፣ የወጣቱ እምቢታ ከሥጋ ሕመሙ ሳይሆን እምነቴን አጎድላለሁ ከሚል የኅሊና ፍርሃት ስለመጣ ነው።" ይህን የጻፈ ተማሪ ንባቡ የት ድረስ እንደሚሄድና የት እንደሚያበቃ እንደገባው መምህሩ ያያል።

የማይመቸውን ቁጥር አትዝለሉ

የሲራክ ምዕራፍ የሐኪሙ ክፍል በቁጥር 15 ያበቃል። በግሪኩ ቅጂ በፈጣሪው ፊት የሚበድል ሰው በሐኪም እጅ ይውደቅ የሚል ሐሳብ አለው፤ ቁጥር 10ም ሕመምተኛው ከኀጢአት እንዲነጻ ያዛል። እነዚህ ቁጥሮች ለዲያቆኑ አይመቹም፤ "ኀጢአት" የምትለው ቃል ከእሱ አፍ እንዴት እንደወጣች ያስታውሱታል። ዘሎ ቢያልፋቸው የተመረጠ ሲራክ ይቀረዋል። ቢይዛቸው ግን ጽሑፉ እውነተኛ ክብደት ያገኛል፤ ጸሐፊው ሕመምንና በደልን አንድ ላይ ሲያነሳ፣ ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል 9፥3 ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው እሱም ወላጆቹም አልበደሉም ማለቱ ከጎኑ መቆም አለበት። ሁለቱን አስታርቆ መጨረስ ግዴታ አይደለም። ዲያቆኑ ሲራክ ታማሚው ለራሱ ስለሚያደርገው ምርመራ ሲመክር፣ እሱ ግን በሌላ ሰው ላይ ፍርድ አድርጎ እንደተናገረው ማሳየት ይችላል።

አጋጣሚውም በተራው ንባቡን ይጠይቅ። አፈወርቅ ማሳመንን የካህን ሥራ ያደርገዋል፤ በዚያች ክፍል ለማሳመን የሞከረችው ግን ካህንም ክርስቲያንም አልነበረችም። ታዲያ የአገልጋዩ ድርሻ ምን ሆነ? ማዳመጥ? የተባለውን ትክክል ነው ብሎ ማጽናት? ይህን ጥያቄ ክፍት አድርጎ ማቆየት በችኮላ ከመመለስ ይሻላል።

አንቀጹ ላይ ተሠርቶ ይታይ

ደካማው አንቀጽ ይህን ይመስላል፦ "አፈወርቅ እንደሚያስተምረን ካህን በፍቅር ማሳመን አለበት። እኔም በምደባዬ ይህን ተምሬያለሁ።" የትኛውም ተማሪ የትኛውም አጥቢያ ሆኖ ሊጽፈው ይችላል።

የተሻለው፦ "ፊቱን ሲያዞር ያልገባው መስሎኝ ነበር። አፈወርቅን ደግሜ ሳነብ ግን የካህኑ ሕክምና ያለ ታማሚው ፈቃድ እንደማይሠራ አየሁ። እኔ ፈቃዱን ሳልጠይቅ ፍርድ ሰጠሁ። አክስቱ መጀመሪያ 'አብሽር' ብላ ፍርሃቱን አነሳች፤ ስለ መድኃኒቱ የተናገረችው ከዚያ በኋላ ነው።" እዚህ ላይ ንባቡ ቢወጣ አንቀጹ ይፈርሳል፤ አጋጣሚው ቢወጣም እንዲሁ።

ለአምስት ገጽ ጽሑፍ፣ ለአጋጣሚው ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከጠቅላላው ጽሑፍ ግማሽ ያህሉን ለንባቦቹ ስጡ። የቀረው ለጥያቄውና ቀጥሎ ለሚደረገው ነገር ነው።

ቀጥሎ የሚደረገው በአቅማችሁ ልክ ይሁን

"ከእንግዲህ ሰውን በፍቅር አገለግላለሁ" ብላችሁ አትጨርሱ። ዲያቆኑ ሊያደርግ የሚችለው ትንሽና የሚታይ ነው፦ በሚቀጥለው ጉብኝት ስለ ኪኒኑ ከመናገሩ በፊት ወጣቱን የሚያስፈራው ምን እንደሆነ መጠየቅ፤ ጸበል የሚያጠምቁትን አባት ወጣቱ ኪኒኑን እንዲቀጥል በራሳቸው አንደበት እንዲነግሩት መለመን፤ አክስቱን ጤና ጣቢያ ይዛው እንድትሄድ ማበርታት። የተለመደው የቲቢ ሕክምና ስድስት ወር ይወስዳል፤ መሐል ላይ ማቋረጥ በሽታው መድኃኒቱን እንዲለምድ ሊያደርግ ይችላል። መጠኑና የተዘለለው ቀን ምን እንደሚደረግበት ግን የጤና ባለሙያው ነገር ነው፤ ጽሑፉም ያንን ወሰን ይጥቀስ።

ከማስረከባችሁ በፊት

ሰዎቹን ሰውሩ። ወሎ ገጠር ውስጥ ስም መቀየር ብቻውን አይበቃም። "ሙስሊም አክስቱ የምታስታምመው የጸበል ታማሚ" ሲባል የአጥቢያው ሰው ማን እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። የአጥቢያውን ስም፣ ወሩንና ዕድሜውን አውጡ፤ ለሐሳቡ የማያስፈልግ ከሆነ ሕመሙንም ለውጡ። የአክስቱ እምነት ግን የጽሑፉ ሥር ስለሆነ ሊለወጥ አይችልም፤ ስለዚህ የቀረው ሁሉ የበለጠ መደበቅ አለበት። በንስሐ የተነገረ ነገር በምንም መልኩ፣ ስም ተቀይሮም ቢሆን፣ አይጻፍም። ረቂቁን ለምደባ ኃላፊያችሁ፣ ለመምሬ፣ አሳዩና "ይህ ሰው ማን እንደሆነ ያውቁታል?" ብላችሁ ጠይቁ። "አዎ" ካሉ ለመምህሩ ከመላካችሁ በፊት እንደገና አርሙት።