ፓይተን የምትማሩበትን ድረ ገጽ ስትመርጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፓይተን ልማር ብሎ የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ ሦስት አራት ድረ ገጽ ይከፍታል፤ የየአንዳንዱን የመጀመሪያ ትምህርት ያይና ኮከቡ የበዛለትን ይመርጣል። እኔም እንዲሁ አድርጌ ሁለት ወር ከተማርኩ በኋላ ሌላ ቦታ ሄጄ ከዜሮ ጀምሬያለሁ። ያሳሳቱኝ ሦስት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያውን ትምህርት ብቻ አይቶ መፍረድ

የመጀመሪያው ትምህርት በየትኛውም ድረ ገጽ ጥሩ ነው። ስክሪን ላይ ሰላምታ የሚጽፍ አንድ መስመር ኮድ ማስረዳት ማንንም አያቅትም። የአስተማሪው ችሎታ የሚታየው ጀማሪ በሚደናገርበት ቦታ ነው። ስለዚህ ከሁሉም ድረ ገጾች አንድ ዓይነት ትምህርት መርጣችሁ ጎን ለጎን አንብቡ። እኔ የምመርጠው ስለ ፋንክሽን፣ ማለትም ስም ተሰጥቶት በተጠራ ቁጥር ስለሚሠራ የኮድ ክፍል፣ የሚያስተምረውን ነው፤ ምክንያቱም ጀማሪ ሁሉ እዚያ ላይ `print` እና `return` ይምታቱበታል።

```
def add(a, b):
    print(a + b)

x = add(2, 3)
print(x)
```

ይህ ኮድ መጀመሪያ 5፣ ቀጥሎ None ያወጣል። ፋንክሽኑ ድምሩን ስክሪን ላይ ጻፈው፤ ለ `x` ግን ምንም አላስረከበም። ማስረከብ የ `return` ሥራ ነው።

ደካማው ትምህርት ሁለቱን ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሶ ያልፋል። ጥሩው እንዲህ ያለ ኮድ ሰጥቶ «None ከየት መጣ?» ብሎ ይጠይቃችኋል፤ እንድትሞክሩት ጊዜ ይሰጣችኋል፣ ከዚያ ያስረዳል፣ በመጨረሻም ራሳችሁ የምታስተካክሉት መልመጃ ይጨምራል። ሁለቱን አንብቦ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከመሃል አንድም ትምህርት ሳይከፈል የማይታይበት ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ ግን በምን ትመዝኑታላችሁ? እኔ እንዲህ ያለውን ትቼ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።

«በቅርቡ ታድሷል» የሚለውን ማመን

ገጹ ላይ የተጻፈው ቀን አንድ ነገር እንደተነካ ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ፊደል ተስተካክሎ ወይም መግቢያው ላይ አንድ አጭር ቪዲዮ ተጨምሮ ቀኑ ሊቀየር ይችላል፤ የቀረው ትምህርት እንደነበረ ይቀመጣል። እውነተኛው ዕድሜ የሚታወቀው ከኮዱ ነው።

`print "Hello"` ያለ ቅንፍ ተጽፎ ካያችሁ ወይም ከተጠቃሚ ጽሑፍ ለመቀበል `raw_input` የሚል ካለ፣ ትምህርቱ የፓይተን 2 ነው። የዚያ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ አብቅቷል። አሁን ባለው ፓይተን ላይ የመጀመሪያውን ብታስኬዱት `SyntaxError` ብሎ ያቆማችኋል።

ሰንጠረዥና ዳታ ላይ ለመሥራት የምትማሩ ከሆነ ደግሞ ፓንዳስ የሚባለውን ላይብረሪ የሚያስተምረውን ክፍል ክፈቱ። ሰንጠረዥ ላይ አዲስ ረድፍ ለመጨመር `df.append` የሚል ከሆነ ያ ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ፓንዳስ 2.0 ውስጥ የለም፤ በቦታው የሚሠራው `pd.concat` ነው። እኔን ያሰናከለኝ ይኸው ነበር። ገጹ ላይ ያለው ቀን ያንኑ 2023 ይላል፣ ኮዱ አይሠራም፣ እኔ ደግሞ ጥፋቱ የራሴ መስሎኝ ሁለት ምሽት ፈጀሁበት።

የቆየ ቀን ብቻውን ግን አያስፈራ። ስለ `for` ወይም ስለ ዝርዝር ከብዙ ዓመት በፊት በፓይተን 3 የተጻፈ ጥሩ ትምህርት ዛሬም እንዳለ ይሠራል። ቶሎ የሚያረጀው ተጨማሪ ላይብረሪዎችን የሚያስተምረው ክፍል ነው።

የኮከቡን አማካይ ማንበብ

ብዙ ድረ ገጾች አስተያየት የሚጠይቁት ተማሪው ገና እንደጀመረ፣ ደስታው ሳይበርድ ነው። መሃል ላይ ያቋረጠው ደግሞ ተመልሶ አይጽፍም። ስለዚህ አምስቱ ኮከብ በአብዛኛው የመጀመሪያዎቹን ትምህርቶች ነው የሚመዝነው።

አስተያየቶቹን በአዲስነት ደርድሩና ሦስት ኮከብ የሰጡትን አንብቡ። «በጣም ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ» የሚለው ምንም አይነግራችሁም። «ሉፕ ላይ ጥሩ ነበር፣ ፋንክሽን ላይ ግን መልመጃው ካስተማሩን በላይ ከበደኝ» የሚለው ግን የትኛውን ትምህርት ከፍታችሁ ማየት እንዳለባችሁ ይጠቁማል።

ከኮከቡ ይልቅ እኔ የማምነው ከትምህርቱ ስር ያለውን የጥያቄ ቦታ ነው። «ኮዱ እኔ ጋ አይሠራም» የሚል ጥያቄ በተለያየ ወር በተለያዩ ሰዎች ተደጋግሞ፣ መልስ የሰጠ ከሌለ፣ ገጹ ባለቤት አጥቷል ማለት ነው። በአንጻሩ አስተማሪው መልሶ፣ ኮዱንም እዚያው ትምህርቱ ላይ አስተካክሎት ካገኛችሁ፣ ከላይ የተጻፈው ቀን ቢያረጅም እንኳ እሱን ምረጡ።