ከቋሚ ይዘት ወደ ኤንታልፒ፦ የቦምብ ካሎሪሜትር ስሌት የሚሳሳትበት ቦታ

ቦምብ ካሎሪሜትር በቋሚ ይዘት የተለቀቀውን ኃይል፣ ማለትም ΔUን ይሰጣል። የላቦራቶሪ ሪፖርት የሚጠይቀው ΔH ደግሞ በሚከተለው ቀመር ይገኛል፤ በቀመሩ ውስጥ Δn የጋዞች ሞል ለውጥ ብቻ ነው።

```
ΔH = ΔU + Δn·R·T
```

ምሳሌያችን የናፍታሊን ቃጠሎ ይሁን። ክብደቱ ወደ ሞል ተቀይሮ፣ የማቀጣጠያው ሽቦ ሙቀትም ተቀንሶ፣ ΔU = −5151.4 kJ/mol ተገኝቷል እንበል።

ምልክት፦ ΔH ወደ −10,109 ደርሷል። R በጁል፣ ΔU በኪሎ ጁል ሆነው ተደምረዋል። ለ1000 ማካፈል ይበቃል።

ምልክት፦ ማስተካከያው 0.04 ኪሎ ጁል ገደማ ብቻ ሆኗል። በT ቦታ የገባው የውሃው ሙቀት ጭማሪ፣ ለምሳሌ 2.4 ዲግሪ ነው። መግባት ያለበት 298.15 ኬልቪን ነው።

ምልክት፦ ΔH ከΔU ያነሰ ሙቀት ያሳያል፣ −5146.4። ካረምኋቸው ሪፖርቶች በብዛት ያገኘሁት ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ውሃው ነው።

```
C10H8(s) + 12 O2(g) → 10 CO2(g) + 4 H2O(l)
```

ውሃው ፈሳሽ ስለሆነ አይቆጠርም፤ ስለዚህ Δn = 10 − 12 = −2፣ ማስተካከያው −4.96፣ ΔHም −5156.4 ይሆናል። ውሃውን እንደ ጋዝ የቆጠረ ሰው +2 ያገኝና በ9.9 ኪሎ ጁል ይሳሳታል። «እሳት ውስጥ የተፈጠረ ውሃ እንዴት ፈሳሽ ይሆናል?» ብሎ የተከራከረኝ ተማሪ ነበር። ነበልባሉ ውስጥ በእርግጥ ተን ነው፤ ነገር ግን የምንለካው ዕቃው ወደ 25 ዲግሪ አካባቢ ከተመለሰ በኋላ ነው። 0.6 ግራም ናፍታሊን 0.34 ግራም ያህል ውሃ ይሰጣል፤ 340 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ቦምብ በ25 ዲግሪ በተን መልክ ሊይዝ የሚችለው ግን 0.008 ግራም ገደማ ብቻ ነው። በተለመደው አሠራር አስቀድሞ 1 ሚሊ ሊትር ውሃ ስለሚጨመርም ክፍሉ በተን የጠገበ ነው፤ የተፈጠረው ውሃ ከሞላ ጎደል በሙሉ ይጤዛል።

ስህተቱን ከሠንጠረዥ ዋጋ ጋር በማነጻጸር ለመያዝ አይሞከር። የማስተማሪያ ካሎሪሜትር በግማሽ በመቶ ቢዛነፍ እንኳ ልዩነቱ 26 ኪሎ ጁል ስለሆነ፣ 9.9ኙ በውስጡ ይደበቃል። እንዲያውም የተሳሳተ ስሌት ያለው ሪፖርት ከትክክለኛው ይልቅ ለሠንጠረዡ ቀርቦ አይቻለሁ። ማረጋገጫው በወረቀቱ ላይ ነው፦ እኩልታው ውስጥ ከእያንዳንዱ ንጥረ ነገር አጠገብ (s)፣ (l) ወይም (g) ሳይጻፍ Δn አይቆጠር።

ውሃው በተን መልክ የሚወጣበት ΔH ከተፈለገ፣ Δnን ወደ +2 መቀየር ብቻውን ስህተት ነው። በመጀመሪያ −5156.4 ይሰላል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ሞል ውሃ 44 ኪሎ ጁል፣ በድምሩ 176 ይደመራል፤ ውጤቱም −4980 ገደማ ነው። −5146.4 ግን የፈሳሹንም ሆነ የተኑን ΔH አይገልጽም።