አፖስቲል ወይስ የኤምባሲ ማኅተም? ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ውክልና አላላክ

እ.ኤ.አ. በ2023 አዲስ አበባ ያለኝን ቤት እህቴ እንድትሸጥልኝ ከቨርጂኒያ ውክልና ልኬ ነበር። እንዲያስጨርስልኝ የሰጠሁት ሱቅ በሳምንቱ ደውሎ «አፖስቲል ተደርጓል፣ አልቋል» አለኝ። ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ወርቃማ ማኅተም አለው። እኔም አምኜ ለቀጣዩ ቢሮ በፖስታ ሰደድኩት። ከብዙ ቀን በኋላ ምንም ሳይጨመርበት ተመልሶ መጣ። ያኔ ኢትዮጵያ የአፖስቲል ስምምነት አባል ስላልነበረች ወርቃማው ማኅተም ለእሷ አይሠራም። ሁሉንም እንደ አዲስ ጀመርኩ። ገዢው ግን መጠበቅ ሰልችቶት ሌላ ቤት ገዛ።

አፖስቲልም ሆነ በኤምባሲ የሚያልቀው ረጅሙ ማረጋገጫ የሚሉት ነገር አንድ ነው፦ ሰነዱ ላይ የፈረመው ሰው እውነትም ያ ባለሥልጣን ነው፣ ማኅተሙም የራሱ ነው። ውስጡ የተጻፈው ትክክል ነው አይሉም። የሚለያዩት ስንት እጅ እንደሚያልፉ ነው።

አፖስቲል እ.ኤ.አ. በ1961 ሄግ ላይ ከተፈረመ ስምምነት የመጣ ነው። ሰነዱን ያወጣው ሀገር የወከለው አንድ ቢሮ አንድ ወረቀት ይለጥፍበታል፣ በቃ። የተቀባዩ ሀገር ኤምባሲ አያገባውም። ወረቀቱን ለማወቅ ቀላል ነው። አራት ማዕዘን ሳጥን አለው፣ ርእሱ በፈረንሳይኛ ነው፣ ከ1 እስከ 10 ቁጥር የተሰጣቸው መስመሮች አሉት።

ረጅሙ መንገድ ግን ሰንሰለት ነው። ኤምባሲው ሰፈራችሁ ያለውን ኖታሪ ፊርማ አያውቅም። የሚያውቀው ያለበትን ሀገር የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ፊርማ ነው። ስለዚህ ኖታሪውን ስቴቱ፣ ስቴቱን የፌዴራሉ መንግሥት፣ እሱን ደግሞ ኤምባሲው እየመሰከሩለት ይሄዳል። አንዱ ቀለበት ከተዘለለ ቀጣዩ አይፈርምም።

መጀመሪያ፦ የትኛው እንደሚያስፈልጋችሁ እወቁ

ሰነዱ የወጣበት ሀገርና የሚቀርብበት ሀገር ሁለቱም አባል ከሆኑ አፖስቲል ነው። አንዳቸው አባል ካልሆኑ ሰንሰለቱ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሚሄድበትን ሀገር ብቻ ስለሚያይ ነው። ሳውዲ አረቢያ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2022 ጀምሮ አባል ናት። ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው ዲግሪውን አፖስቲል አስደርጎ ሪያድ ማቅረብ ይችላል። አባል ካልሆነ ሀገር የወጣ ዲግሪ የያዘው ጓደኛው ግን አይችልም። ፓስፖርታችሁ የየት እንደሆነ ለውጥ አያመጣም፤ የሚታየው ወረቀቱ የወጣበት ሀገር ነው።

የአባላቱን ዝርዝር ከ hcch.net ላይ እዩ። የድሮ ጽሑፍ ወይም የቴሌግራም መልእክት አትመኑ፣ ዝርዝሩ ይለወጣል። ቻይና እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023፣ ካናዳ በጥር 2024 ነው የጀመሩት። ስትመለከቱም ሀገሩ የፈረመበትን ቀን ሳይሆን ስምምነቱ ለሀገሩ ሥራ ላይ የዋለበትን ቀን ያዙ። በሁለቱ መሀል ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። አንዳንድ አባል ደግሞ አዲስ የገባን ሌላ አባል ይቃወማል፤ በሁለቱ መካከል አፖስቲል አይሠራም። እሱም እዚያው ዝርዝር ላይ ተጽፏል።

ውክልናውን አርቅቁ፣ ኖታሪ ፊት ፈርሙ

እዚህ ላይ የምለው አንድ ነገር ነው። «ጠቅላላ ውክልና» ቤት አያሸጥም። የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና ይጠይቃል። «ለመሸጥ» የሚለው ቃል በግልጽ ይጻፍ፣ የቤቱም አድራሻና የካርታ ቁጥር ይግባ። ይህ ከሌለ አምስት ማኅተም ቢደረደርበትም እህታችሁ ባዶ እጇን ትመለሳለች።

ስቴቱ ጋ፦ እኔ የወደቅኩበት ቦታ

ሰነዱን የሚያረጋግጠው የስቴቱ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ሴክሬታሪ ኦፍ ዘ ኮመንዌልዝ ይባላል። እንደ ኒውዮርክ ባሉ ቦታዎች ከእሱ በፊት የካውንቲው ክለርክ የኖታሪውን ፊርማ ይመሰክራል።

ችግሩ ይህ ቢሮ ሁለት ዓይነት ወረቀት ይሰጣል፣ ሁለቱም ላይ ላዩን ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ወደ አባል ሀገር ለሚሄድ አፖስቲል፣ አባል ላልሆነ ደግሞ ኦተንቲኬሽን የሚባለውን ይሰጣል። የትኛውን እንደሚሰጣችሁ የሚወስነው ማመልከቻው ላይ «ሰነዱ የሚቀርብበት ሀገር» የሚለው መስመር ነው። እኔ ያንን መስመር ራሴ አልሞላሁትም። ሱቁ ምን እንደጻፈበትም አላየሁም። እዚህ ሰዉ ማንኛውንም የማኅተም ሥራ «አፖስቲል» ስለሚል ቃሉን ስሰማ አልጠረጠርኩም።

ስለዚህ የሀገሩን ስም በእጃችሁ ጻፉ። ወረቀቱ ሲመለስ ከፖስታ ቤቱ ሳትወጡ ርእሱን አንብቡ። አባል ወዳልሆነ ሀገር እየላካችሁ ያ አሥር መስመር ያለው ሳጥን ከመጣ ስህተት ነው። ወደ ፊት አትላኩት፣ እዚያው መልሱት። አስፈጻሚ ሱቅ መጠቀም አልቃወምም፤ ሩቅ ለሚኖር ሰው ጊዜ ያድናል። ግን የሞሉትን ቅጽ ፎቶ አንስተው ይላኩላችሁ።

ዋሽንግተን

ኢትዮጵያ የአባላቱ ዝርዝር ላይ ከሌለች፣ የስቴቱ ኦተንቲኬሽን ያለበት ሰነድ ወደ አሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ቅጹ DS-4194 ነው፣ ክፍያው በሰነድ 20 ዶላር። ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ ኤምባሲ። እንደ ኤፍቢአይ የአሻራ ምርመራ ያለ የፌዴራል ሰነድ በስቴት በኩል አያልፍም፣ በቀጥታ እዚህ ይመጣል።

ለዋሽንግተን ቅርብ ከሆናችሁ ደግሞ አጭር መንገድ አለ። ኤምባሲው ድረስ ሄዳችሁ ቆንስሉ ፊት ፈርሙ። ኖታሪውም፣ ስቴቱም፣ የፌዴራሉም ቢሮ ይቀራሉ። እኔ ሁለተኛውን ውክልና ያደረግኩት እንዲህ ነው፣ የአንድ ቀን ሥራ ነበር። በቆንስል የተሠራ ሰነድ ከአፖስቲል ስምምነት ውጭ መሆኑን ግን አትርሱ። ለሌላ ሀገር አፖስቲል አስደርጋለሁ ብትሉ አይሆንም።

አዲስ አበባ ሲደርስ ተወካዩ መጀመሪያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎ ውልና ማስረጃ ይዞት ይሄዳል።

ምንም ማኅተም የማያስፈልግበት ጊዜ

ለአሜሪካ የኢሚግሬሽን ማመልከቻ የኢትዮጵያ የልደት ወይም የጋብቻ ምስክር ወረቀት የምታያይዙ ከሆነ አፖስቲልም ሰንሰለትም አይጠየቅም። የሚፈለገው ተርጓሚው «ትርጉሙ ሙሉና ትክክል ነው፣ ሁለቱንም ቋንቋ እችላለሁ» ብሎ የፈረመበት የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። ለዚህ ብለው አዲስ አበባ ቢሮ ለቢሮ የተንከራተቱ ዘመዶች አሉኝ፣ ሳያስፈልግ። ዱባይ ለሥራ የሚቀርብ የኢትዮጵያ ዲግሪ ግን ሌላ ነው። እሱ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርንና አዲስ አበባ ያለውን የኤምሬትስ ኤምባሲ አልፎ ነው የሚሄደው።

አንድ ነገር ልጨምር። ማረጋገጫዎቹ ከሰነዱ ጋር በስቴፕል ወይም በሪቬት ተያይዘው ነው የሚመጡት። ስካን ለማድረግ ብላችሁ እንዳትነቅሉት። መልሳችሁ ብትመቱትም የድሮው ቀዳዳ ይታያል፣ ቀጣዩም ቢሮ ገጽ ተቀይሯል ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ገጹን እየገለጣችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት።