ጭንቅላቱ ወጥቶ ትከሻው ሲቀር የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት ማዋለጃ ክፍል አንድ ተማሪዬ የእናትየዋን ሆድ ከላይ ሲጫን እጁን ይዤ ጎተትኩት። ተቀየመኝ። ይቀየመኝ፤ ስንተኛዬ እንደሆነ አላውቅም።

በወሊድ ጊዜ የልጁ ጭንቅላት ወጥቶ ትከሻው ሲያዝ ሾልደር ዲስቶሺያ ይባላል፤ ያዡ አጥንት ነው። ጭንቅላቱ ይወጣና እንደ ኤሊ ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ ጉንጩ ከእናትየዋ ገላ ጋር ይጣበቃል። ከላይ በኩል ያለው ትከሻ ፑቢስ ከሚባለው የፊት ዳሌ አጥንት ጀርባ ተሰክቷል። የማህፀኑን አናት ስትጫኑት ትከሻውን እዚያው አጥንት ላይ የባሰ ትሰኩታላችሁ። ማህፀንም ሊቀደድ ይችላል። «ትንሽ ብቻ ነው የተጫንኩት» አትበሉኝ። ትንሽ የሚባል ነገር የለውም። እናትየዋም ትከሻው እስኪላቀቅ መግፋቷን ታቁም፤ «እናቴ፣ አሁን አታምጪ፣ እፍ እፍ በይ» በሏት።

ከዚህ የማይተናነሰው ጭንቅላቱን ወደ ታች አጥፎ መጎተት ነው። ከአንገት ወደ ክንድ የሚሄዱት ነርቮች የሚጎዱት ያኔ ነው። ከጎተታችሁም በቀስታ፣ ከልጁ አከርካሪ ጋር በቀጥታ መስመር ይሁን። አልመጣም? እጃችሁን አንሱና ሰው ጥሩ፤ ሰዓትም እዩ።

«ልጁ ትንሽ ነው፣ አይገጥመንም» ማለት ሌላው ስህተት ነው። እርግጥ ትልቅ ልጅ፣ የእናት ስኳር፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ የተራዘመ ምጥና በቫኪዩም ማዋለድ ዕድሉን ይጨምራሉ። የስኳር ታማሚ እናት ልጅ ደግሞ ትከሻና ደረቱ ከጭንቅላቱ ይልቅ ይሰፋል። ግን ግማሽ ያህሉ የሚያጋጥመው ከ4 ኪሎ በታች በሆኑ ልጆች ነው። እኔ ክትትል ላይ አጥብቄ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ባለፈው ስትወልጂ ጭንቅላቱ ወጥቶ ቆይቶ ነበር? ልጁ እጁን ያነሳ ነበር?» ካርድ ላይ ያልተጻፈውን እናትየዋ ታስታውሰዋለች።

አንዷን ላንሳ። ሦስተኛ ልጇ ነው፤ ስኳር የለባትም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ10 ላይ ጭንቅላቱ ወጣና ተመልሶ ሸሸ። ሁለት ሰዎች ነበሩኝ፤ ግራና ቀኝ ቆመው ማክሮበርትስ ጀመሩ። እዚህ ላይ ብዙዎች ጭኗን ከፍተው ብቻ ይይዛሉ። እንደዚያ አይደለም። አልጋው ይዘርጋ፣ እግሯ ከማንጠልጠያው ይውረድ፣ ጭኗ ታጥፎ ሆዷ ላይ ይረፍ። ያኔ ዳሌዋ ይዞርና የፊቱ አጥንት ከትከሻው ላይ ከፍ ይላል። ብዙ ጊዜ ይሄ ብቻ ይበቃል።

የዚያን ሌሊት አልበቃም። አንዱ ከፑቢስ በላይ መጫን ጀመረ፤ ግን በተሳሳተ ጎን ቆሞ ነበር። የልጁ ፊት ወደ እናትየዋ ቀኝ ጭን ከዞረ ጀርባው በግራዋ ነው፤ የሚጫነው ሰው በግራዋ ይቁም። በመዳፉ ሥር ትከሻውን ከጀርባው ወደ ደረቱ ይገፋዋል። ጎን አስቀየርኩት። 30 ሰከንድ ያህል ሞከርን። ምንም።

ከዚያ እጄን አስገባሁ። ጀማሪዎች ሁለት ጣት ከላይ በኩል ሊያስገቡ ይታገላሉ፤ እዚያ ቦታ የለም። ቦታው ያለው ከኋላ፣ በጀርባዋ የታችኛው አጥንት ጉድጓድ በኩል ነው። አውራ ጣታችሁን አጥፉና ጠባብ አምባር እንደምታጠልቁ ሙሉ እጃችሁን አስገቡ። ኤፒሲዮቶሚ፣ ማለትም የብልቷን በር በመቀስ ማስፋት፣ የሚያስፈልገው እጅ አልገባ ካለ ብቻ ነው፤ አጥንትን በመቀስ አታሰፉትም። መጀመሪያ ትከሻውን ከጀርባው ወደ ደረቱ ገፍቼ ላዞረው ሞከርኩ፤ አልዞረም። የኋላውን ክንድ ፈለግሁ። ክርኑን አጥፌ፣ አንጓውን ይዤ፣ በደረቱና በፊቱ ላይ አንሸራትቼ አወጣሁት። የላይኛውን ክንድ ይዛችሁ ብትጎትቱ ይሰበራል። ክንዱ ሲወጣ የትከሻው ስፋት ይቀንሳል፤ ልጁ ተከትሎ መጣ። 9 ሰዓት ከ13። ተመዘነ፦ 3 ኪሎ ከ400።

የሞከራችሁት ሁሉ እንቢ ካለ እናትየዋን በአራት እግሯ አስደግፉና እንደገና ሞክሩ። ብቻችሁን ከሆናችሁና መንቀሳቀስ ከቻለች እንዲያውም ቀድማችሁ አድርጉት። ቅደም ተከተሉ ሃይማኖት አይደለም፤ ያልሠራውን ይዞ መንዘላዘል ነው የሚጎዳው።

የራሴንም ልናገር። ጀማሪ ሳለሁ አንገት ላይ የተጠመጠመ እትብት ትከሻው ሳይወጣ ቆረጥኩ። ከዚያ ትከሻው ተያዘ። ልጁ ከእናቱ ያገኝ የነበረውን ትንሽ ደም ራሴ ዘጋሁበት ማለት ነው። ተረፈ፤ እስከሚያለቅስ ግን እኔ ነበርኩ የማለቅሰው። አሁን እትብቱ የሚላላ ከሆነ በጭንቅላቱ ላይ አሳልፈዋለሁ፣ ካልሆነ እንደተጠመጠመ አዋልዳለሁ።

ከወለደች በኋላ ደም መፍሰስንና መቀደድን እዩ፤ የልጁ ሁለቱም እጆች መንቀሳቀሳቸውንም። ካርዱ ላይ ጭንቅላቱና ሰውነቱ የወጡበትን ሰዓት፣ ምን በምን ቅደም ተከተል እንደሠራችሁ፣ ከፊት የነበረው ትከሻ ግራ ይሁን ቀኝ ጻፉ። እጁ ከደከመ መጀመሪያ የምትጠየቁት ይህንኑ ነው።