ኮንጁጌሽን፣ ትራንስፎርሜሽን ወይስ ትራንስዳክሽን? ተማሪዎች የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች

የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ሳስጠና ጂን ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚያልፍባቸውን የሦስቱን መንገዶች ትርጉም የማያውቅ ብዙም አያጋጥመኝም። "ኮንጁጌሽን በንክኪ፣ ትራንስፎርሜሽን ራቁቱን ከተለቀቀ ዲኤንኤ፣ ትራንስዳክሽን በቫይረስ" ይሉኛል። ትክክል ነው። ነገሩ የሚበላሸው የሙከራ ውጤት ሰጥቻቸው "ይህ የትኛው ነው? በምን አወቃችሁ?" ስላቸው ነው። ያኔ የተሸመደደው ትርጉም አይበቃም። በጂን አግድም ዝውውር ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ስህተት 1፦ "ሰጪው ባክቴሪያ ጂኑን አሳልፎ ሰጥቶ ባዶውን ይቀራል"

"ዝውውር" የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የመጀመሪያው እጅ ባዶ ይሆናል። በኮንጁጌሽን ግን እንዲህ አይደለም። በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ ያለውን ኤፍ ፕላዝሚድ፣ ማለትም ከክሮሞሶሙ ተለይቶ የሚኖረውን ትንሽ ዲኤንኤ፣ እንውሰድ። ሰጪው ከተቀባዩ ጋር ከተያያዘ በኋላ፣ ከፕላዝሚዱ ሁለት ክሮች አንዱ ብቻ በተወሰነ ቦታ ላይ ይቆረጣል። የተቆረጠው ክር እየተፈታ ወደ ተቀባዩ ይገባል። ሰጪው ጋር ለቀረው ክር እዚያው ጥንድ ይሠራለታል። ለገባውም ክር ተቀባዩ ውስጥ ጥንድ ይሠራለታል። በመጨረሻ ሁለቱም ሙሉ ፕላዝሚድ አላቸው። ሁለቱም ኤፍ ፖዘቲቭ ናቸው።

ይህን ከያዛችሁ "ሰጪው ምን ሆነ?" የሚለው ጥያቄ ሦስቱን ለመለየት ይረዳችኋል። በኮንጁጌሽን ሰጪው በሕይወት አለ፣ ጂኑም አለው። በትራንስፎርሜሽን ሰጪው አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ፈራርሷል፤ የቀረው ዲኤንኤው ነው። በተለመደው ትራንስዳክሽን ደግሞ ሰጪውን የገደለው ቫይረሱ ራሱ ነው።

ስህተት 2፦ "ከኤችኤፍአር ጋር የተገናኘ ተቀባይ ኤፍ ፖዘቲቭ ይሆናል"

ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

ኤችኤፍአር ማለት ኤፍ ፕላዝሚዱ ከባክቴሪያው ክሮሞሶም ጋር የተዋሃደበት ሴል ነው። ዝውውሩ የሚጀምርበት መቁረጫ ቦታ የሚገኘው ደግሞ በፕላዝሚዱ ጫፍ ሳይሆን በውስጡ ነው። ስለዚህ ክሩ ወደ ተቀባዩ ሲገባ መጀመሪያ የሚያልፈው የፕላዝሚዱ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ቀጥሎ ረጅሙ ክሮሞሶም ይከተላል። የቀረው የፕላዝሚድ ክፍል የሚመጣው ከሁሉም መጨረሻ ነው።

የኢ. ኮላይ ክሮሞሶም ሙሉ በሙሉ ለማለፍ 100 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ሁለቱ ሴሎች ደግሞ ያን ያህል ጊዜ ሳይላቀቁ አይቆዩም። መሃል ላይ ይለያያሉ። ተቀባዩ ከመቁረጫው አጠገብ ያሉትን የክሮሞሶም ጂኖች አገኘ፤ የፕላዝሚዱን ቀሪ ክፍል ግን አላገኘም። ስለዚህ እንደ ወትሮው ኤፍ ኔጌቲቭ ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ላይ ሌላም ነገር ይረሳል። የገባው የክሮሞሶም ቁራጭ ራሱን ችሎ መባዛት አይችልም። ከተቀባዩ ክሮሞሶም ጋር በሪኮምቢኔሽን ካልተቀያየረ፣ ይጠፋል ወይም ሴሉ ሲከፈል ወደ አንዱ ልጅ ብቻ ይሄዳል። ሙሉ ፕላዝሚድ ግን የራሱ የመባዣ መነሻ ስላለው ይህ አያስፈልገውም። ጉዳዩ የኮንጁጌሽን ብቻ አይደለም። በትራንስፎርሜሽን ወይም በትራንስዳክሽን የገባ የክሮሞሶም ቁራጭም ያው ነው። "ዲኤንኤው ገባ" እና "ጂኑ ተወረሰ" ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ስህተት 3፦ "በትራንስዳክሽን ፋጁ የራሱን ጂን ለባክቴሪያው ይሰጣል"

ፋጅ ማለት ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። ባክቴሪያው ውስጥ ሲባዛ አዲስ የተሠሩት የፕሮቲን ራሶች በዲኤንኤ ይሞላሉ። እንደ ፒ22 ያሉት ፋጆች ዲኤንኤውን የሚጭኑት የፕሮቲኑ ራስ እስኪሞላ ድረስ ነው፤ ሲሞላ ይቆርጡታል። አንዳንዴ ጫኙ ኢንዛይም በስህተት የባክቴሪያውን ክሮሞሶም ይይዝና እሱን ይጭናል። እንዲህ የተሠራው ቅንጣት ከውጭ ሲታይ ፋጅ ነው። ውስጡ ግን የባክቴሪያ ዲኤንኤ ብቻ ነው።

ተማሪዎች "ታዲያ ተቀባዩ ለምን አይሞትም?" ብለው ይጠይቃሉ። አይሞትም፤ ምክንያቱም የገባበት የፋጅ ጂን የለም። መርፌው የቫይረስ ነው፣ የተወጋው ግን የሌላ ባክቴሪያ ጂን ነው።

ላምዳ ፋጅ ከዚህ ይለያል። እሱ በክሮሞሶሙ ላይ ቋሚ ቦታ አለው። ሲወጣ አልፎ አልፎ አቆራረጡ ይዛባና አጠገቡ ያሉትን ጂኖች ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ማንኛውንም ጂን ሳይሆን ጎረቤቶቹን ብቻ ያጓጉዛል። የዲፍቴሪያ መርዝ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። እዚያ ጂኑ ከመጀመሪያውም የፋጁ የራሱ ስለሆነ ትራንስዳክሽን አይባልም።

ስህተት 4፦ የላብራቶሪውን ትራንስፎርሜሽን ከተፈጥሮው ጋር ማደባለቅ

ይህ አጭር ነው። ላብ ውስጥ ኢ. ኮላይን በካልሲየም ክሎራይድ አዘጋጅተን፣ በ42 ዲግሪ ለአጭር ጊዜ አሙቀን ፕላዝሚድ እናስገባበታለን። ይህ እኛ የምናስገድደው ነው። የሳንባ ምች ባክቴሪያ እና ባሲለስ ሰብቲሊስ ግን ዲኤንኤ የሚስቡበት የራሳቸው መሣሪያ አላቸው፤ በዕድገታቸው የተወሰነ ወቅት ላይ ያወጡታል። ግሪፊዝ በ1928 በሙቀት የተገደለ ባክቴሪያ ሕያው የሆነውን ሲለውጥ ያየው በሳንባ ምች ባክቴሪያ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። በተራ ኢ. ኮላይ ቢሞክረው ኖሮ ያንን ውጤት አያገኝም ነበር።

ስህተት 5፦ በአንድ ሙከራ ብቻ መፍረድ

ለእኔ ዋናው ይህ ነው። ሁለት ሙከራዎችን ታውቃላችሁ። አንዱ ዲኤንኤዝ ነው፤ ዲኤንኤ የሚቆራርጥ ኢንዛይም። ሌላው የዩ ቅርጽ ያለው የመስታወት ቱቦ ነው። የቱቦው መሃል ላይ ባክቴሪያ የማያሳልፍ ማጣሪያ አለ። ፈሳሹ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ሴሎቹ ግን አይነካኩም። በርናርድ ዴቪስ በ1950 በዚህ ቱቦ የኢ. ኮላይ ኮንጁጌሽን ንክኪ እንደሚፈልግ አሳየ። ማጣሪያው ሲገባ ዝውውሩ ቆመ።

ብዙ ተማሪ ከዚህ ተነስቶ "ማጣሪያውን ካለፈ ትራንስዳክሽን ነው" ይላል። ራቁት ዲኤንኤስ? እሱም ያልፋል። ሌላው ደግሞ "ዲኤንኤዝ ካላቆመው ትራንስዳክሽን ነው" ይላል። ኮንጁጌሽንንም እኮ ዲኤንኤዝ አያቆመውም። ኢንዛይሙ የሚደርሰው ውጭ ተጋልጦ የሚንሳፈፈው ዲኤንኤ ጋር ብቻ ነው። በሁለት ሴሎች መሃል የሚያልፈውን ወይም በፋጅ ራስ ውስጥ የተሸፈነውን አያገኘውም። ስለዚህ ሁለቱን ሙከራዎች አንድ ላይ ማየት የግድ ነው። ማጣሪያ ካቆመው ኮንጁጌሽን ነው። ማጣሪያ ሳያቆመው ዲኤንኤዝ ካቆመው ትራንስፎርሜሽን ነው። ሁለቱም ካላቆሙት ፋጅ ፈልጉ።

ዚንደር እና ሌደርበርግ በ1952 ያሳተሙት ሥራ ይህንን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሌደርበርግ ከቴተም ጋር ሆኖ በ1946 በኢ. ኮላይ ኮንጁጌሽንን አሳይቶ ነበር። ከዚያ እነዚህ ሁለቱ በሳልሞኔላም ይኖር እንደሆነ መፈለግ ጀመሩ። ሁለት ዝርያ ያዙ። ኤልኤ-22 ፌኒልአላኒን እና ትሪፕቶፋን መሥራት አይችልም። ኤልኤ-2 ደግሞ ሜቲዮኒን እና ሂስቲዲን መሥራት አይችልም። አሚኖ አሲድ በሌለው ምግብ ላይ ሁለቱም ብቻቸውን አያድጉም። ሲቀላቀሉ ግን ጥቂት የሚያድጉ ኮሎኒዎች ታዩ።

እስከዚህ ድረስ ኮንጁጌሽን ይመስላል። ከዚያ በዩ ቱቦው ሞከሩት። ማጣሪያው ቢኖርም የሚያድጉ ሴሎች ተገኙ። ስለዚህ ኮንጁጌሽን ወደቀ። ዲኤንኤዝ ጨመሩ፤ ዝውውሩ አልቆመም። ትራንስፎርሜሽንም ወደቀ።

በጣም የምወደው ምልክት ግን ሌላ ነው። በማጣሪያው ጊዜ የሚያድጉት ሴሎች የተገኙት በኤልኤ-22 በኩል ብቻ ነበር። ለምን በአንድ ወገን? ኤልኤ-22 ፒ22 የተባለውን ፋጅ በክሮሞሶሙ ውስጥ ተሸክሞ ይኖር ነበር። አልፎ አልፎ ፋጁ ይነቃና ይወጣል። ማጣሪያውን አልፎ ኤልኤ-2ን ያጠቃል፣ እዚያ ይባዛል፣ ይገድለዋል። ከአዲሶቹ ቅንጣቶች ጥቂቶቹ የኤልኤ-2ን ዲኤንኤ በስህተት ጭነው ማጣሪያውን ወደኋላ ይሻገራሉ። እነሱ ኤልኤ-22 ውስጥ የጎደለውን ጂን ያስገባሉ። ማጣሪያው ባክቴሪያን ይይዛል፤ የፒ22 ራስ ግን ከባክቴሪያ አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ ስለሚያንስ ያልፋል።

ስህተት 6፦ የማነጻጸሪያውን ሳህን መርሳት

ከላይ እያንዳንዱ ዝርያ ለምን ሁለት ጉድለት እንዲኖረው እንደተመረጠ ልብ ብላችኋል? የተበላሸ ጂን በራሱ ሚውቴሽን ሊመለስ ይችላል። ለምሳሌ አንድ ጂን ከ10 ሚሊዮን ሴል በአንዱ ይመለሳል ብንል፣ ሳህን ላይ 100 ሚሊዮን ሴል ስናፈስ ምንም ዝውውር ሳይኖር አሥር ያህል ኮሎኒ ይወጣል። ሁለቱም ጂኖች በአንድ ሴል ውስጥ አብረው እንዲመለሱ ግን ከ100 ትሪሊዮን አንድ ዕድል ነው የሚኖረው። ያ በአንድ ሳህን ላይ አይታይም። ቢሆንም እያንዳንዱን ዝርያ ለብቻው በዚያው ምግብ ላይ ማፍሰስ አይቀርም። ብቻውን ካደገ የተቀላቀለው ሳህን ምንም አይነግራችሁም።

ዲኤንኤዙም ማነጻጸሪያ ይፈልጋል። "ጨመርኩ፣ ምንም አልተለወጠም" ሲባል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ዲኤንኤው ተሸፍኖ ነበር፣ ወይም ኢንዛይሙ አልሠራም። ተራው ዲኤንኤዝ ማግኒዚየም ይፈልጋል፤ ማግኒዚየምን የሚይዝ ኢዲቲኤ ያለበት ፈሳሽ ውስጥ ከገባ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ጎን ለጎን፣ በዚያው ፈሳሽ፣ ከዚያው የኢንዛይም ብልቃጥ ቀድታችሁ የታወቀ የባሲለስ ሰብቲሊስ ትራንስፎርሜሽን ላይ ሞክሩት። እዚያ ዝውውሩን ካቆመው፣ የሳልሞኔላው ቱቦ ውስጥ ዝውውሩ አለመቆሙን በልበ ሙሉነት ማንበብ ትችላላችሁ።